አንድ ድርሰት፣ 17 እና 9፦ አራሚዎችን በናሙና ወረቀት ማቀራረብ

ጥያቄ፦ በአንድ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የአማርኛ ትምህርት ክፍል አስተባባሪ ነኝ። 480 ተማሪዎች «ሞባይል ስልክ በክፍል ውስጥ መከልከል አለበት ወይስ የለበትም? አቋማችሁን በምክንያት ደግፉ» በሚል ጥያቄ ከ20 የሚታሰብ ድርሰት ይጽፋሉ፤ የሚያርሙት ስድስት መምህራን ናቸው። ባለፈው ሴሚስተር በተመሳሳይ ፈተና አንድ ወረቀት በስህተት ለሁለት ሰው ደርሶ አንዱ 17፣ ሌላው 9 ሰጡት። የማረሚያ መስፈርት አለን፤ ለሐሳብ፣ ለአደረጃጀት፣ ለቋንቋ አጠቃቀምና ለሥርዓተ ጽሕፈት አምስት አምስት ነጥብ። በመስፈርቱ ላይ የግማሽ ቀን ሥልጠናም ሰጥተናል፤ ለውጥ አላመጣም። በናሙና ወረቀት ማሠልጠን ይሻላል ሲባል ሰማሁ። እንዴት ነው የሚሠራው?

ምላሽ፦

የግማሽ ቀኑ ሥልጠና ምን ይመስል እንደነበር ልገምት። መስፈርቱ ተባዝቶ ታደለ፤ አንድ ሰው ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሁለት ሦስት ጥያቄ ተጠየቀ፤ ሻይ ተጠጣ፤ ሁሉም ተስማምቶ ወጣ። የተስማሙት ግን በቃላቱ ላይ ነው። «ሐሳቡን በአጥጋቢ ሁኔታ ያብራራ» የሚለውን ሐረግ የሚቃወም መምህር የለም። አጥጋቢው የቱ እንደሆነ የሚታወቀው የአንድ ተማሪ ወረቀት ፊት ለፊት ሲቀመጥ ነው፤ ስድስቱ ሰዎች የሚለያዩትም እዚያ ላይ ነው።

ይህ የእናንተ መምህራን ድክመት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት ነበር። 300 የኮሌጅ ተማሪዎች ድርሰቶች ከስድስት የተለያዩ ሙያዎች ለተውጣጡ 53 አንባቢዎች ተሰጡ፤ አንባቢዎቹ ምንም መስፈርት ሳይነገራቸው በዘጠኝ ደረጃ እንዲመድቧቸው ተጠየቁ። ከመቶው 94ቱ ድርሰቶች ከዘጠኙ ደረጃዎች ቢያንስ ሰባቱን አገኙ፤ ከአምስት ያነሰ የተለያየ ደረጃ ያገኘ አንድም ድርሰት አልነበረም። ለእኔ ከቁጥሩ በላይ የሚያስተምረው ቀጥሎ የተገኘው ነው። አንባቢዎቹ በዘፈቀደ አልተበታተኑም፤ ደግመው ደጋግመው በአንድ ወገን የሚቆሙ አምስት ቡድኖች ነበሩ። አንዱ ሐሳብን ያያል፣ ሌላው የፊደልና የሰዋስው ግድፈትን ይቆጥራል፣ ሌላው የቃላት ምርጫን፣ ሌላው አወቃቀርን፣ ሌላው ደግሞ የጸሐፊውን ለዛ። የእርስዎ 17 እና 9 ከሁለት የተለያዩ ቡድኖች የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የናሙና ሥልጠና የሚነካው በዋናነት ይህንን ነው፤ ሁሉም ሰው አንዱን ነገር በአንድ ሚዛን እንዲያይ ያደርጋል። ስለዚህ አብዛኛው ድካም የሚያርፈው ከሥልጠናው ቀን በፊት፣ ናሙናውን በማዘጋጀት ላይ ነው።

ከ480ው ወረቀት እያንዳንዱን አሥራ ሁለተኛ እየቆጠሩ 40 ያውጡ። በዓይን አይምረጡ፤ ሰው በዓይን ሲመርጥ እጅ ጽሑፉ የሚነበበውን ያወጣል። ስምና የክፍል ምድብ ተሸፍኖ ወረቀቶቹ መለያ ቁጥር ይሰጣቸውና ንጹሕ ኮፒ ይነሣ። አርባውን እርስዎና ከስድስቱ አራሚዎች ውጭ የሆኑ ሁለት ልምድ ያላቸው ሰዎች፣ ለምሳሌ ጡረታ የወጣ ባልደረባ ወይም ከሌላ ክፍል የመጣ የቋንቋ መምህር፣ ለየብቻቸው ያርሙት። ነጥቡ በሌላ ወረቀት ላይ ይጻፍ እንጂ በተማሪው ጽሑፍ ላይ አንድም የቀይ እስክሪብቶ ምልክት አይኑር። ሁለተኛው አራሚ የመጀመሪያውን ምልክት ካየ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ነጥብ የራሱ አይደለም። አንዱን ድርሰት ለማረም አምስት ደቂቃ ብንይዝ ለእያንዳንዱ ሰው ከሦስት ሰዓት ተኩል ያነሰ ሥራ ነው። ሥራው ደግሞ ብክነት የለበትም፤ የእነዚህ 40 ተማሪዎች ነጥብ በዚያው ይጸድቃል፤ ለስድስቱ የሚቀረው 440 ነው።

ከዚያ ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ በየወረቀቱ ላይ ትስማማላችሁ። አማካይ መውሰድ አይፈቀድም። 14፣ 11 እና 12 ከተሰጠ «እንግዲህ 12 ከምናምን ነው» ብሎ ማለፍ ሥልጠናውን ከሥሩ ይገድለዋል፤ ምክንያቱም ነገ አራሚው «ለምን 12?» ሲልዎት የሚመልሱት ነገር የለዎትም። የተስማማችሁበት ነጥብ በአራቱም መስፈርት ተከፋፍሎ፣ ከእያንዳንዱ ሥር የድርሰቱን መስመር የሚጠቅስ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍለት። ሦስታችሁም ተከራክራችሁ መስማማት ያልቻላችሁበት ወረቀት ካለ ለናሙና አይውል፤ እናንተን ያላስማማ ወረቀት ሌላውን ሊያስማማ አይችልም።

አሁን ወረቀቶቹ በሥራቸው ይለዩ። ስድስቱ መለኪያ ይሁኑ፤ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ደረጃ የሚወክሉ፣ ነጥባቸው ግልጽ የሆነ። ስምንቱ መለማመጃ ይሁኑ። ስድስቱ መፈተሻ፣ ስምንቱ ደግሞ ለመጠባበቂያ ይቀመጡ። የቀሩት አሥራ ሁለቱ ነጥባቸውን ይዘው ወደ ቦታቸው ይመለሱ።

መለማመጃዎቹ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥልጠናዎች የሚከሽፉት በአብዛኛው እዚህ ስለሆነ። ብዙ ቦታ ያየሁት ለመለማመጃ አንድ በጣም ጥሩ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ በጣም ደካማ ወረቀት መስጠትን ነው። በእንደዚህ ዓይነት ወረቀት ሁሉም ይስማማል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይወጣል፤ እርማቱ ሲጀመር የድሮው ልዩነት ባለበት ይቀጥላል። መለማመጃ መሆን ያለባቸው አራሚን የሚያሳስቱት ናቸው። ሦስት ገጽ የሞላ ነገር ግን አንድ ሐሳብ ብቻ የያዘ ድርሰት። ግማሽ ገጽ ሆኖ ሁለት ጠንካራ ምክንያት ያስቀመጠ። በተረትና ምሳሌ ተጀምሮ በተረትና ምሳሌ ተጠቅልሎ መካከሉ ባዶ የሆነ። እጅ ጽሑፉ እንደ ሕትመት ያማረ፣ እንዲሁም እጅ ጽሑፉ የሚያስለቅስ ሆኖ ሐሳቡ የበሰለ። «የቴክኖሎጂ ጥቅምና ጉዳት» በሚል ርዕስ በቃል ተሸምድዶ መጥቶ ስልክ የሚለው ቃል እዚህም እዚያም የተሰካበት። ሞክሼ ፊደላትን እንደመጣለት የሚያቀላቅል። ከአርባው ውስጥ እነዚህን ሁሉ ባያገኙ እንኳ አብዛኞቹን ያገኛሉ፤ የእኛ ተማሪዎች ያውቋቸዋል፣ እኛም እናውቃቸዋለን።

በሥልጠናው ቀን መጀመሪያ የሚሠራው ጥያቄውን ማንበብና እያንዳንዱ አራሚ የራሱን መልስ በአሥር ደቂቃ ነጥብ በነጥብ መጻፉ ነው። ይህን ያመጣሁት ከልምድ ነው፤ ራሱ ያልሞከረውን ጥያቄ የሚያርም ሰው ተማሪው ምን ያህል እንደተቸገረ አይገባውም። ቀጥሎ ስድስቱ መለኪያዎች ከነነጥባቸውና ከነምክንያታቸው ይታያሉ። እዚህ ላይ ክርክር አይከፈትም፤ ዓላማው ሰዎቹ «የዚህ ኮሌጅ 4 ይህን ይመስላል» ብለው ዓይናቸውን እንዲያለማምዱ ነው።

መለማመጃዎቹ ሲጀመሩ ደንቡ ይለወጣል። እያንዳንዱ ብቻውን ያርማል፤ ነጥቡን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ያስረክባል፤ ብጣሾቹ ሁሉ ከተሰበሰቡ በኋላ ብቻ ነጥቦቹ ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ። ለምን ብጣሽ ወረቀት? አንድ ጊዜ በቃል ብቻ እያስነገርኩ ያሠለጠንኩበት ቀን ነበር። ከመካከላችን በዕድሜም በዕውቀትም የምናከብራቸው አንድ ጋሼ መጀመሪያ «ይህ እንኳ ከ15 አያንስም» አሉ። ከእርሳቸው ቀጥሎ የተናገሩት አራት ሰዎች 15፣ 14፣ 15፣ 15 አሉ። እንዴት ያለ ስምምነት ነው ብዬ ተደስቼ ነበር። በማግስቱ እርማቱ ላይ ስምምነቱ የት እንደገባ አልታወቀም። ታላቅን ማክበር መልካም ነው፤ በእርማት ላይ ግን በጽሑፍ ከተሰበሰበ በኋላ ይሁን፤ ሲናገሩም ከታናሽ ይጀመር።

አንድ ወረቀት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላሳይዎት። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ የወረቀቱ ጠባይ ግን ደጋግሞ የሚያጋጥም ነው። ተማሪዋ ስልክ ይከልከል ብላ ትጀምራለች። የመጀመሪያው አንቀጽ ጥሩ ነው፤ አጠገቧ የምትቀመጥ ልጅ በትምህርት ሰዓት መልእክት ስትጽፍ የቤት ሥራው እንዳመለጣት ትተርካለች፤ ከዚያም ምክንያቷን ታወጣለች። ሁለተኛው አንቀጽ የስልክን ታሪክ ይተርካል፤ ከጥያቄው ጋር አይገናኝም። ሦስተኛው አንቀጽ «ነገር ግን ስልክ ለትምህርትም ስለሚጠቅም መምህሩ ይወስን» ብሎ ያልቃል። ቋንቋዋ ንጹሕ ነው፤ እጅ ጽሑፏ ያማረ ነው። ሠ እና ሰን፣ ሀ እና ሐን አሥራ አንድ ቦታ አቀላቅላለች።

ሦስታችሁ የተስማማችሁበት ነጥብ ሐሳብ 2፣ አደረጃጀት 2፣ ቋንቋ 4፣ ሥርዓተ ጽሕፈት 4፤ በድምሩ 12 ነው እንበል። ከስድስቱ አራሚዎች የመጣው ድምር 17፣ 12፣ 13፣ 9፣ 15 እና 8 ነው። ድምሩን ብቻ ካዩ «አንዱ ለጋስ ነው፣ ሌላው ጨካኝ ነው» ብለው ይዘጉታል። ነጥቡን በመስፈርት ከፋፍለው ሰሌዳ ላይ ሲጽፉት ግን ሌላ ነገር ይታያል።

17 የሰጡት ለሐሳብ 4፣ ለአደረጃጀት 4 ሰጥተዋል። ለምን ሲባሉ የመጨረሻውን አንቀጽ ጠቁመው «ሚዛናዊ ናት፤ ሁለቱንም ወገን አይታለች» ይላሉ። 9 የሰጡት ያንኑ አንቀጽ ጠቁመው «አቋሟን ራሷ አፈረሰችው» ብለው ለሐሳብ 1 ሰጥተዋል፤ በዚያው ምክንያት ለአደረጃጀትም 1። 8 የሰጡት ደግሞ በሐሳብና በአደረጃጀት ከተስማማችሁበት ነጥብ ጋር አንድ ናቸው፤ ለቋንቋ 3፣ ለሥርዓተ ጽሕፈት ግን 1 ብቻ ሰጥተዋል። አሥራ አንዱን ሞክሼ ፊደል ቆጥረው ነው።

እንግዲህ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች በአንድ ወረቀት ላይ ተገኙ፤ እያንዳንዱም ውሳኔ ይፈልጋል። የመጀመሪያው፣ የተቃራኒን ሐሳብ ማንሣት መቼ ጥንካሬ ነው፣ መቼ ድክመት? ውሳኔው ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ተማሪው ተቃራኒውን አንሥቶ መልስ ከሰጠበትና ወደ አቋሙ ከተመለሰ ጥንካሬ ነው፤ አንሥቶ በዚያው ከተንጠለጠለ ለሐሳብ ከ2 በላይ አያገኝም። ሁለተኛው፣ አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አይቀጣም። የአቋሙ መፍረስ በሐሳብ ይያዛል፤ አደረጃጀት ያጎደለው የስልክ ታሪኩ አንቀጽ ነው። ሁለቱም 2 ሆነው መገናኘታቸው አጋጣሚ ነው። ሦስተኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። እኔ ብሆን ትርጉም እስካልለወጡ ድረስ አልቀጣም፤ «ሠዓሊ» ለማለት «ሰአሊ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ሥዕል የሚሥለውን ለማኝ ስላደረገው ልቆጥርበት እችላለሁ። ሌላ ክፍል ከዚህ የጠበቀ ደንብ ቢይዝ አልከራከርም፤ በክፍል ውስጥ ከተማረ ሊጠየቅበት ይችላል። የማይሆነው አንዱ አራሚ ሲቀጣ ሌላው አለማየቱ ነው።

እነዚህ ውሳኔዎች በአንድ ገጽ ይመዝገቡና ከመስፈርቱ ጋር ለሁሉም ይታደሉ። ስምንት መለማመጃ ስታርሙ ምናልባት አሥር ያህል ውሳኔ ይጠራቀማል። ከመስፈርቱ ይልቅ አራሚዎች እርማት ላይ የሚመለከቱት ይህን ገጽ እንደሚሆን ታያላችሁ።

በክርክሩ ላይ አንድ ሕግ ይኑር፤ ማንም «ይሰማኛል» ብሎ አይናገር። የወረቀቱን መስመርና የመስፈርቱን ሐረግ ጠቁሞ ይናገር። የተስማማችሁበት ነጥብም በድምፅ ብልጫ አይለወጥም። ነገር ግን ስድስቱም ተነጋግረው ሳይሆን ለየብቻቸው በአንድ አቅጣጫ ከእናንተ ከራቁ፣ ማለትም እናንተ 12 ባላችሁት ላይ ስድስቱም 15 እና 16 ካሉ፣ የተሳሳታችሁት እናንተ ልትሆኑ ስለምትችሉ ወረቀቱን እንደገና አንብቡት። ይህን ማድረግ ክብር አይቀንስም፤ እንዲያውም አራሚዎቹ ሥራውን ከልብ የሚይዙት ከዚያ በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ መፈተሻው ይመጣል። ስድስት ወረቀት፣ ያለ ንግግር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው የውጤቱን አነባበብ ነው። ሦስት አራሚዎችን እንውሰድ።

| የተስማማንበት ነጥብ | አራሚ ሀ | አራሚ ለ | አራሚ መ |
|---|---|---|---|
| 18 | 20 | 14 | 14 |
| 16 | 19 | 17 | 13 |
| 13 | 15 | 17 | 13 |
| 11 | 12 | 8 | 12 |
| 7 | 10 | 9 | 10 |
| 4 | 6 | 4 | 8 |

ልዩነቱን ያለ አቅጣጫ ከደመርን ሀ በ13፣ ለ በ14፣ መ በ15 ነጥብ ርቀዋል፤ አንድ ያህል ናቸው ማለት ይቻላል። በሽታቸው ግን ለየቅል ነው።

አራሚ ሀ ለሁሉም ይጨምራሉ፤ በአማካይ ሁለት ነጥብ ከጥቂት ክፍልፋይ። የወረቀቶቹ ቅደም ተከተል አልተዛባም። እጃቸው ለጋስ ነው፤ ይህ ከሦስቱ ለማከም ቀላሉ ነው። መለኪያዎቹን አጠገባቸው አስቀምጠው «ይህ ከመለኪያ 4 ይሻላል ወይስ ያንሳል?» እያሉ እንዲያርሙ ይንገሯቸው። አራሚ መ ከመሐል አይወጡም፤ ለጎበዙ ይሰስታሉ፣ ለደካማው ያዝናሉ። ከ20 ውስጥ የተጠቀሙበት ከ8 እስከ 14 ያለውን ብቻ ነው። ስህተት እንዳይባሉ የሚፈሩ አዲስ አራሚዎች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ናቸው። ለእርሳቸው የሚረዳው የላይኛውንና የታችኛውን ጫፍ መለኪያዎች እንደገና አንብበው «ለዚህ 5 ከ5 ካልሰጠሁ ለማን ልሰጥ ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ማድረግ ነው።

አራሚ ለ ናቸው የሚያስፈሩት። የልዩነታቸው አማካይ ዜሮ ነው። አማካይ ብቻ የሚያይ አስተባባሪ «ከሁሉም የተስተካከሉት እርሳቸው ናቸው» ብሎ ሊያመሰግናቸው ይችላል። ነገር ግን ለ18ቱ ተማሪ 14፣ ለ13ቱ ተማሪ 17 ሰጥተዋል፤ ጎበዙ ከመካከለኛው በታች ወረደ። ይህ በምንም ስሌት አይታረምም። በመስፈርት ተከፋፍሎ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስፈርት ሌሎቹን ሁሉ እየጎተተ ይገኛል፤ እጅ ጽሑፉ ያማረው በሐሳብም ያተርፋል፣ የተዝረከረከው በሐሳብም ይከስራል። አብረዋቸው ተቀምጠው ሁለት ወረቀት ጮክ ብለው እያሰቡ እንዲያርሙ ያድርጉ፤ ከዚያም ከመጠባበቂያዎቹ በስድስቱ እንደገና ይፈተኑ።

በተቃራኒው በኮምፒውተር የተዛምዶ ስሌት ብቻ የሚሠራ ሰው ሀን እና መን ከሞላ ጎደል ፍጹም ናቸው ብሎ ያሳልፋቸዋል። ያ ስሌት የሚጠይቀው ቅደም ተከተሉ ተጠብቋል ወይ ብሎ ነው፤ አንዱ ሁለት ነጥብ እየጨመረ መሆኑን አያይም። በስድስት ወረቀት ላይ ውስብስብ ስሌት አያስፈልግዎትም። እኔ የምጠቀምበት ማለፊያ ይህ ነው፦ ከስድስቱ አምስቱ ከተስማማንበት ነጥብ በሁለት ውስጥ ይሁኑ፤ አንድም በአራት የራቀ አይኑር፤ የልዩነቱ አማካይ ደግሞ በላይም በታችም ከአንድ ነጥብ አይለፍ። ሦስቱም ካልተሟሉ አላለፈም። በድጋሚም ያላለፈ ሰው ድርሰት አያርምም፤ ነጥብ ይደምራል፣ ይመዘግባል፣ የድምር ስህተት ይፈትሻል። ይህን ለባልደረባ መንገር እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስለዚህ ደንቡ ከፈተናው በፊት፣ ማን እንደሚወድቅ ሳይታወቅ ይነገር።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ። ሥልጠና ሰውን ከራሱ ጋር እንዲስማማ ያደርገዋል፤ ማለትም ጠዋት የሰጠውን ከሰዓትም ይሰጣል። የጨካኝነትና የለጋስነትን ልዩነት ግን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በሥልጠናው ማግስት ለጋሱ በመጠኑ ለጋስ ሆኖ ይቀጥላል። ስለዚህ ሥልጠናው ሲያልቅ ክትትሉ ይጀምራል።

በመጀመሪያ ወረቀቶቹ ይደባለቁ። አንድ አራሚ አንድን የክፍል ምድብ ለብቻው ከወሰደ የዚያ ምድብ ተማሪዎች ሁሉ የእርሱን ጠባይ ይከፍላሉ፤ የራሱ ተማሪዎች ከሆኑ ደግሞ ስም ቢሸፈንም እጅ ጽሑፋቸውን ያውቃል። 440ው ለስድስት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ወደ 73 ይደርሳል፤ በአምስት ደቂቃ ሂሳብ ስድስት ሰዓት ያህል ነው። በአንድ ቀን አይጨረስ፤ በሁለት ቀን ይሁን። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁሉም ከመጠባበቂያዎቹ ያላዩትን ሁለት ወረቀት አርመው ይጀምሩ። አራሚ በሌሊት ይለወጣል፤ ሃያ ደካማ ድርሰት በተከታታይ ያነበበ ሰው ለሃያ አንደኛው መካከለኛ ድርሰት እንደ ድንቅ ሥራ ነጥብ ሲሰጥ አይቻለሁ።

እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች ፈተና አዘጋጆች ወረቀቱን በኮምፒውተር ስክሪን ስለሚያሳርሙ ነጥቡ አስቀድሞ የታወቀ ወረቀት አራሚው ሳያውቅ መካከል ላይ ይጨምራሉ፤ ከራቀ እርማቱን ያስቆሙታል። እናንተ በወረቀት ስለምትሠሩ ይህን መኮረጅ አይሳካም፤ ከኦሪጅናል ወረቀቶች መካከል የገባ ኮፒ ወዲያው ይታወቃል፤ ያንን ወረቀት ብቻ ተጠንቅቆ ማረም ደግሞ ቀላል ነው። የሚሻለው ነጥቦቹ በሌላ ቅጽ ላይ እየተጻፉ፣ ከየአራሚው ካለቀው ጥቅል ከአሥር አንዱን እርስዎ ነጥቡን ሳያዩ እንደገና ማረም ነው። ለአንድ አራሚ ሰባት ያህል ወረቀት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገና ጥቅሉ ሩብ ሲደርስ ያድርጓቸው፤ ችግሩ መጨረሻ ላይ ቢታወቅ 73 ወረቀት እንደገና ማረም ነው።

ጊዜ ካለ ሁሉም ወረቀት በሁለት ሰው ቢታረም ይሻላል። ልዩነቱ እስከ ሁለት ከሆነ አማካዩ ይወሰዳል፤ ከዚያ ከበለጠ ሦስተኛ ሰው ነጥቦቹን ሳያይ ያርማል። ጊዜ ከሌለ የማለፊያው ነጥብ 10 ከሆነ 8 እና 12 ላይ ያሉትን ጨምሮ በዚያ መካከል የወደቁትን ብቻ ሁለተኛ ሰው ይያቸው። ይህ ፍጹም አይደለም፤ 17 ሊሆን ሲገባው 13 ያገኘውን ልጅ አያድነውም። ግን ማለፍና መውደቅ የተንጠለጠለበትን ተማሪ በአንድ ሰው እጅ አይተወውም።

አንድ የማይወደድ ነገርም ልናገር። አራሚዎችን ማስማማት ራሱ ግብ ሲሆን አደገኛ ነው። ሁሉም መስመር ቢቆጥር፣ ሁሉም የፊደል ግድፈት ቢቆጥር፣ ስምምነቱ በጣም ከፍተኛ ይሆናል፤ የተለካው ግን ድርሰት አይደለም። ስለዚህ በክርክሩ ጊዜ ለሐሳብ የሚሰጠው ነጥብ ላይ ልዩነቱ ቶሎ አልጠብ ሲል «ይህን መስፈርት እንተወው፣ ነጥቡን ለሥርዓተ ጽሕፈት እናድርገው» የሚል ሐሳብ ከመካከላችሁ ይመጣል። ይመጣል፤ ጠብቁት። አትቀበሉት።

የመለኪያና የመለማመጃ ወረቀቶቹን፣ የውሳኔውን ገጽና የመፈተሻውን ሠንጠረዥ አስቀምጡ። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ጥያቄው ስለሚለወጥ መለኪያዎቹን እንዳሉ ልትጠቀሙባቸው አትችሉም፤ ስለ ስልክ የተጻፈ 4 ስለ ሌላ ጉዳይ ለሚጻፍ 4 ሚዛን አይሆንም፤ አርባ ወረቀት እንደገና ይወጣል። የውሳኔው ገጽ ግን ከሞላ ጎደል እንዳለ ያገለግላል፤ አዲስ መምህር ሲመጣም መጀመሪያ የሚሰጠው እርሱ ነው።